ጠብቆ የሚነበብ ቃል

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ለናርዶስ ጣልያንኛ ያስተማሯት በአማርኛ በኩል ነው። መዝገበ ቃላት ከማስነካታቸው በፊት ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው «ገና» የሚለውን ቃል ሲያስብሏት አረፈዱ።

«‹ገና ነው፣ አልመሸም› በይ።»

«ገና ነው፣ አልመሸም።»

«አሁን ደግሞ በዓሉን ጥሪልኝ።»

«ገና።»

«ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?»

«የበዓሉ ይጠብቃል።»

«ፊደሉ እኮ አንድ ነው። ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገራትም። ከአፍ መፍቻዋ ጋር አብሮ የገባ ነገር ነው።

«በቃ፣ ጣልያኖቹም እንደኛው ናቸው» አሏት። «እኛ የሚጠብቀውን ለአንባቢው ጆሮ ትተንለታል፤ እነሱ ግን ፊደሉን ሁለት ጊዜ ይጽፉታል። ሁለት ካየሽ ሁለት ብለሽ አንብቢ። ‹ካፔሎ› ብለሽ ፒዋን ካላላሻት የራስ ጠጉር ነው፤ ካጠበቅሻት ባርኔጣ ነው። ‹ፓላ› ሲላላ አካፋ፣ ሲጠብቅ ኳስ። ‹ኖኖ› ሲላላ ዘጠነኛ ነው፤ ሲጠብቅ አያት ነው። አያትን ዘጠነኛ ብለሽ የተረጎምሽ ቀን ከዚህ ወንበር ትነሻለሽ።»

ቀልዳቸው እንዲህ ነበር፤ ሳይስቁ የሚቀልዱት። አንድ ቀን ደግሞ፣ ጣልያን ጥሎልን ከሄደው ውስጥ ጎማን አጥብቀን ይዘን መኪናን አላልተን እንደለቀቅናት ነገሯት። የነሱ መኪና ኬዋ ትጠብቃለች። «ለዚህ ይሆናል መኪናው ቆሞ ጎማው ብቻ የሚሽከረከረው» አሉ።

የጋሽ ሰይፈ የትርጉም ቤት ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አብዛኛው ደንበኛቸው ጣልያን አገር ለመማር የሚያመለክት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ናርዶስም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በቋንቋ ተመርቃ ሥራ ስታጣ ነው እዚህ የገባችው፤ ይኸው አራት ዓመቷ። አንዳንዱ ተማሪ ማመልከቻውን ራሱ ጽፎ ይመጣና አርሙልኝ ይላል። ዮሴፍ የሚባል የምህንድስና ተማሪ፣ የዲፕሎማውን ሁለት ቅጂ መላኩን ሲጽፍ ‹ኮፒያ› ላይ አንዲት ፒ ጨምሮበት መጣ።

«ዮሴፍ፣ ሁለት ጥንድ ልኬያለሁ ነው ያልካቸው» አለችው ናርዶስ ቀስ ብላ። «ሲጠብቅ ጥንድ ነው። ባልና ሚስትም ይሆናል።»

«ይሁና» አለ ዮሴፍ፤ «ከሁለቱ ጥንድ አንዱን ለኔ ይላኩልኝ። ብቻዬን ስማር አራት ዓመቴ ነው።»

ጋሽ ሰይፈ ጥጋቸው ላይ እንደተቀመጡ ፈገግ አሉ። ያኔ ዓይናቸው ጥላ ጥላ ያይ ነበር። ከዚያ ወዲያ የስኳር በሽታው ጨርሶ ወሰደው። ሥራው ግን አልቆመም፤ አሠራሩ ብቻ ተለወጠ። ናርዶስ ጣልያንኛውን ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሳቸው ሰምተው ደንበኛው ፊት በአማርኛ ይናገራሉ፤ እሷ የተናገሩትን ትጽፋለች፤ እሳቸው ማኅተሙን በዳሰሳ ፈልገው ያትማሉ። ሰው የሚመጣው ለእሳቸው አፍ ነበር። ከጣልያን ሚሲዮን አባቶች ዘንድ አድገው ቋንቋውን ከፈረንጆቹ አንደበት የተማሩ መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ባለፈው ዓመት ናርዶስ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመረች። ጋሽ ሰይፈ አልፎ አልፎ ይስታሉ። የሚስቱት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ የሚጠብቀውን አላልተው ይሰሙታል። አንድ ጊዜ ‹ሴቴ› ብላ ቲዋን አጥብቃ ሰባት ቁጥርን ስታነብላቸው «ጥም» ብለው ተረጎሙት። ሰነዱ ግን ስለ ሰባት ዓመት የሥራ ልምድ ነበር። ናርዶስ ወረቀቱ ላይ «ሰባት» ብላ ጻፈች፤ ትንፍሽ አላለችም። ደንበኛው የሚወስደው ወረቀቱን ነው፤ ወረቀቱ ልክ ከሆነ ማን ይጎዳል? ከዚያ በኋላም እንዲሁ አደረገች። አፋቸው ሲስት እጇ ያቃናል። በሰው ፊት «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» ማለት አልሆነላትም። ሆኖላትም አያውቅ። ልጅ ሳለች የቤት አከራያቸው ስሟን ሁለት ዓመት ሙሉ «ንግሥት» እያሉ ሲጠሯት «አቤት» እያለች ያደገች ልጅ ናት።

ወይዘሮ ብዙነሽ ደብዳቤ የምትመጣላቸው በዓመት አንዴ፣ ኅዳር ላይ ነው። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ እየበለቱ የሚተዳደሩ፣ አምሳ ያልሞላቸው ቀጭን ሴት ናቸው። ባላቸው የሞተ ዓመት እሳቸውም ታመው ሲወድቁ፣ የአራት ዓመት ልጃቸውን ሜሮንን በአንድ የጉዲፈቻ ድርጅት በኩል ለጣልያን ቤተሰብ ሰጡ። እሞታለሁ ብለው ነው የሰጧት፤ ዳኑ። አሥራ አራት ዓመት ሆነው። አሳዳጊዋ ሉቺያ በየዓመቱ የልጅቷን ሁኔታ ትጽፋለች፤ ደብዳቤው በድርጅቱ በኩል፣ በትርጉም ቤቱ የፖስታ ሣጥን ይመጣል፤ ስልክም ሆነ አድራሻ መለዋወጥ በድርጅቱ ደንብ አይፈቀድም። ወይዘሮ ብዙነሽ ማንበብ ስለማይችሉ ጋሽ ሰይፈ የነገሯቸውን በልባቸው ይዘው፣ ናርዶስ የጻፈችውን ወረቀት አጥፈው፣ ከመቀነታቸው ይቋጥሩታል።

የዘንድሮዋ ደብዳቤ የተለየች ነበረች። ጽሕፈቱ የሉቺያ አልነበረም። ክብ ክብ ያለ፣ የተማሪ ጽሕፈት ነው።

«የራሷ የሜሮን ናት፣ እትዬ ብዙነሽ» አለች ናርዶስ።

ሴትየዋ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉት፤ ደብዳቤውን ግን አልነኩም። «የራሷ እጅ ነው?»

«የራሷ።»

«ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ፣ አልንካው። አንብቢው፣ ልጄ።»

ናርዶስ አነበበች። ሜሮን ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። እናቷን በሕልሟ እንደምታይ፣ ፊቷ ግን እንደማይታያት ጽፋለች። ጋሽ ሰይፈ ዓረፍተ ነገሩን እየተቀበሉ፣ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ይናገራሉ። መጨረሻው ላይ ደረሱ።

«ቬሬሞ» ብላ አነበበች ናርዶስ። ኤሟን እንደተማረችው አጠበቀቻት፤ ከንፈሯን ገጥማ፣ አንድ አፍታ ይዛ፣ ለቀቀችው።

ኤሟ አንድ ብትሆን ኖሮ ቃሉ «እንመጣለን» ነው፤ የተቆረጠ ነገር። ገጹ ላይ ግን ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለት ሲሆኑ ቃሉ «ፈቃድሽ ከሆነ ብንመጣ» የሚል፣ በር አንኳኩቶ ደጅ ላይ የሚቆም ቃል ነው። ቀጥሎ ያለው ደግሞ፣ «ይህ ሸክም ከሆነብሽ ይገባኛል» ይላል። ልጅቷ እየጠየቀች ነበር።

«በጥር» አሉ ጋሽ ሰይፈ፣ «እኔና ማማ ሉቺያ ሐዋሳ እንመጣለን። ሸክም ከሆነብሽ ይገባኛል።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ተነሡ። ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ የሆነው ነገር ናርዶስን ዓይኗን አስሰበራት።

«ምን ሸክም ትለኛለች ይቺ ልጅ! ማነው ልጁ ሸክም የሚሆንበት?» እየሳቁ እያለቀሱ ነበር። «በጥር አሉኝ? ለጥምቀት ይደርሳሉ?»

«ይደርሳሉ እንጂ» አሉ ጋሽ ሰይፈ። እሳቸውም ድምፃቸው ተሰብሯል። «መልስ እንጻፍላት?»

«የምን መልስ፣ ጋሼ? እመጣለሁ ላለ ሰው መልሱ ቤት መጥረግ ነው። የፖስታውን ብር ኖራ እገዛበታለሁ።»

ናርዶስ ብዕሯን እንደያዘች ቀረች። አሁን መናገር ነበረባት። አንዲት ቃል ናት፤ «ጋሼ፣ ኤሟ ትጠብቃለች» ብትል ይበቃ ነበር። ነገር ግን ያን ብትል ሽማግሌው በዚህች ሴት ፊት፣ በሕይወታቸው በታወቁበት ነገር፣ በተማሪያቸው አፍ ሊወድቁ ነው። ሴትየዋም ከዚያ ደስታ ላይ ሊወርዱ ነው። ከሄዱ በኋላ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ አለች በልቧ። ከዚያ እንደ ልማዷ ወረቀቱ ላይ ልኩን ጻፈች፦ «ብትፈቅጂልን በጥር ብንመጣ እንወዳለን።» ጋሽ ሰይፈ ማኅተማቸውን አሳረፉበት። ወይዘሮ ብዙነሽ አጥፈው ቋጠሩት።

ለብቻቸው ሲሆኑም አልነገረቻቸውም። ጋሽ ሰይፈ ያን ቀን ደስ ብሏቸው ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስተረጉም እንዲህ ያለ ቀን ሦስት ቢሆን ነው ብለው ነበር። ነገ፣ አለች። ነገ ደግሞ ሌላ ደንበኛ መጣ። የሚመጡት ይመጣሉ፣ ጨዋ ልጅ ስለሆነች ነው በትሕትና የጻፈችው ብላ ራሷን አባበለች። ወረቀቱ ላይ እኮ ተጽፏል፤ አንድ ጎረቤት ያነብላቸው ይሆናል። ራሷ መልስ ልትጽፍ አሰበች፤ ድርጅቱ ግን የእናትየዋ የጣት አሻራ የሌለበትን አያስተላልፍም፤ አሻራውን ለመጠየቅ ደግሞ ነገሩን መናገር ሊኖርባት ነው። እያንዳንዱ ቀን ካለፈው ይልቅ ለመናገር የከበደ ሆነ።

ወይዘሮ ብዙነሽ ቤታቸውን ኖራ ቀቡ። ከጎረቤት ፍራሽ ተዋሱ። ዓሣ ለፈረንጅ እንዴት እንደሚጠበስ የሆቴል ወጥ ቤት ጠየቁ። ጥምቀት አለፈ። የጥር ሚካኤል አለፈ። ሦስት ጊዜ ወደ ቢሮው መጡ።

«አውሮፕላኑ ዘገየ ይሆን?» አሉ በመጀመሪያው።

«ምናልባት» አለች ናርዶስ።

«ትምህርቷ ይሆናል የያዛት» አሉ በሁለተኛው።

በሦስተኛው ጊዜ ደረጃውን ወጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ ናርዶስን አይተው፣ ተመልሰው ወረዱ።

ሁለተኛዋ ደብዳቤ መጋቢት አጋማሽ ላይ የፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ተገኘች። ናርዶስ እዚያው ቆማ ከፈተቻት። አጭር ነበረች።

«ዝምታሽን መልስ አድርጌ ወስጄዋለሁ። አልተቀየምኩም፤ ልጅሽን አንዴ ሰጥተሽ ኖረሻል፣ እንደገና ተቀበዪ ማለት ከባድ ነው። መጋቢት መጀመሪያ ላይ አሥራ ስምንት ይሞላኛል። ከዚያ ወዲያ ድርጅቱ ደብዳቤ አያመላልስም፤ መዝገቤ ይዘጋል። አድራሻዬን አልጽፍልሽም፤ ግዴታ እንዲሆንብሽ አልፈልግም። ደህና ሁኚ።»

ቢሮ ገብታ ለጋሽ ሰይፈ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሁለተኛዋን ደብዳቤ፣ ከዚያ የመጀመሪያዋን፣ ከዚያ የሰባቱን ዓመት ሰነድ፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ በእጇ ስታቃና የኖረችውን። ስትጨርስ ጋሽ ሰይፈ ወንበራቸውን ወደ ድምፅዋ አቀረቡ።

«ያን ቃል በይልኝ» አሉ።

«ቬሬሞ» አለች፣ አጥብቃ።

«አሁን አላልተሽ።»

«ቬሬሞ።»

«አይለይልኝም» አሉ። «ብዙ ጊዜ ሆነው። ሲጠብቅ ከፊቱ ያለው ድምፅ እጥር ይላል፤ ሲላላ ይረዝማል፤ እሱን ነበር የምይዘው። እሱም ጠፋኝ። ዓይኔ ሳለ ከንፈርሽን አይ ነበር። ሲገጥም አይቼ እለየዋለሁ፤ ማንም አላወቀብኝም። ዓይኔ ሲጠፋ ግምት ሆነ።» ማኅተሙን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። «አንቺ ግን ታይ ነበር። ለምን አላረምሽኝም?»

«በሰው ፊት እንዴት ብዬ፣ ጋሼ?»

«በሰው ፊት» አሉና ደገሙት። «እኔን ከኀፍረት ለማዳን ነው አይደል?» ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። «ሴትየዋን አስጠሪልኝ። የሳትኩት እኔ ነኝ። እኔ እነግራታለሁ።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ከሰዓት በኋላ መጡ። የሥራ ልብሳቸውን አልቀየሩም፤ እጅጌያቸው ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ ያብለጨልጫል። ከእንግዲህ ለደብዳቤ የማይለብሱ ይመስል ነበር።

«ብዙነሽ» አሉ ጋሽ ሰይፈ፣ ፊታቸውን ወደ ሴትየዋ አዙረው፤ «ኅዳር ላይ የነገርኩሽ ነገር ስሕተት ነበረበት። ጆሮዬ ደክሟል። ጥፋቱ የኔ…»

«አይደለም፣ ጋሼ» አለች ናርዶስ።

በአራት ዓመት ውስጥ ቃላቸውን ስታቋርጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ።

«እሳቸው አልሰሙም። እኔ ግን አይቼዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም ቀጭን ሆነባት። «ልጅቱ እንመጣለን አላለችም። እንምጣ ወይ ብላ ነው የጠየቀችው። መልስ ትጠብቅ ነበር።»

ወይዘሮ ብዙነሽ አልጮኹም። መቀነታቸውን ፈትተው ወረቀቱን አወጡ፤ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«እዚህ ላይ የጻፍሽው ምን ይላል?»

ናርዶስ ማየት አላስፈለጋትም። «‹ብትፈቅጂልን በጥር ብንመጣ እንወዳለን።›»

«እሱ ነው እዚህ ያለው?»

«አዎ።»

«ከኅዳር ጀምሮ ወገቤ ላይ?»

«አዎ፣ እትዬ ብዙነሽ።»

ሴትየዋ ወረቀቱን ተመለከቱት። ከፊደሉ ውስጥ የትኛው «ብትፈቅጂ» እንደሆነ የሚፈልጉ ይመስል ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱት።

«ስትጽፊው ታውቂ ነበር» አሉ።

«አውቅ ነበር።»

«አዲስ መጥቷል ወይ?»

ናርዶስ ሁለተኛዋን ደብዳቤ አንድም ቃል ሳትቀንስ፣ አንድም ሳታለሰልስ በአማርኛ ነገረቻቸው። «ዝምታሽን መልስ አድርጌ» የሚለው ላይ ስትደርስ ወይዘሮ ብዙነሽ እጃቸውን አነሡ፤ ቆመች። ከዚያ እጃቸውን አወረዱ፤ ቀጠለች። ሲያልቅ ወይዘሮ ብዙነሽ ብዕሩን ወደ ናርዶስ ገፉላት።

«ጻፊ» አሉ።

መልሱን እዚያው ጻፉ። ወይዘሮ ብዙነሽ እንዲህ አሉ፦ «አልጠላሁሽም። አልነገሩኝም። ቤቴን ለአንቺ ቀብቻለሁ። አሁንም ነይ።» ናርዶስ ወደ ጣልያንኛ መለሰችው፤ እያንዳንዱን ቃል ድጋሚ በአማርኛ ነገረቻቸው፤ የጣት አሻራቸውን አኖሩ። ናርዶስ «አልነገሩኝም» ከሚለው አጠገብ የራሷን ስም ልትጽፍ ፈቃድ ጠየቀች። ወይዘሮ ብዙነሽ ትንሽ አስበው፣ «ተይው፤ እሷ የአንቺን ስም ምን ታደርግበታለች» አሉ።

ደብዳቤው በአደራ ፖስታ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የድርጅቱ ቢሮ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ ልጅቷ ለአካለ መጠን ስለደረሰች መዝገቡ ተዘግቷል፤ ደብዳቤው ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ጣልያኑ ቢሮ ተልኳል፤ ለባለቤቷ መድረሱን ግን ማረጋገጥ አይቻልም። ናርዶስ ይህንንም ቃል በቃል ነገረቻቸው።

ጋሽ ሰይፈ ከፋሲካ በኋላ ወደ ቢሮው አልተመለሱም። ናርዶስ ቤታቸው ሄዳ ስትለምናቸው፣ «ሰው ያመነኝ በጆሮዬ ነው፤ ጆሮዬ ሄዷል፤ ማኅተሙን ብቻ ይዤ አልቀመጥም» አሏት። ቁልፉን ሰጧት። ስትወጣ ግን ጠርተው መለሷትና፣ ማንም ሰው ሲሳሳት ብታይ፣ ንጉሥም ቢሆን፣ እዚያው እንድታርመው አስማሏት።

አሁን በየቅዳሜው የፖስታ ሣጥኑን ከፍታ ካየች በኋላ ባጃጅ ይዛ አሞራ ገደል ትወርዳለች። ማንም አላዘዛትም። ጀልባዎቹ ገብተው የዓሣው ጫጫታ ጋብ የሚልበትን ሰዓት ታውቀዋለች። ወይዘሮ ብዙነሽ ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጠው ቆሮሶ ዓሣ ይበልታሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ትንሽ ራቅ ብለው ሆድ ዕቃው እስኪጣል ይጠብቃሉ። ሴትየዋ ሲያዩዋት ቢላዋቸውን ያቆማሉ።

«ደህና ዋሉ፣ እትዬ ብዙነሽ።»

«ደህና ዋልሽ። መጣ?»

«አልመጣም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«የተውሽው ነገር የለም? ሁሉንም ነው የነገርሽኝ?»

«ሁሉንም።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ፊቷን ለረጅም ጊዜ ያጠኑታል፤ ናርዶስም ዓይኗን አትሰብርም። ከዚያ ሴትየዋ የሚቀጥለውን ዓሣ ያነሣሉ።